ጉረኛው ቀበሮና ሦስቱ ነብሮች

በመንዝ ጓሳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች የማለዳ ፀሐይ በሚሞቁበት ገደል አፋፍ አጠገብ አንድ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። አይጥ በማደን የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይህ ሙያው ግን አንሶ ይታየው ስለነበር፣ በየማለዳው «በዚህ አገር እኔን የሚደፍር አውሬ የለም» እያለ ይፎክር ነበር።

አንድ ቀን አፍንጫው ቆስሎ መጣ። አንዲት ግልገል ጭላዳ «ጋሼ ቀበሮ፣ ምን ነካዎት?» ብላ ጠየቀችው። ቀበሮውም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ሌሊቱን ከነብር ጋር ስተናነቅ አደርኩ፤ እርሱ አንዴ ቢቧጭረኝ እኔ ጅራቱን ይዤ ከገደል ወረወርኩት» አለ። ጭላዳዎቹ ሲደነቁለት ሞቅ አለውና አንድ የነበረው ነብር ሁለት ሆነ፤ ቆየት ብሎም ሦስት።

በዚህ መካከል ከእግሩ ሥር አፈሩ ተንቀሳቀሰና፣ ሁለት ረጃጅም የፊት ጥርሶች ያሏት ፍልፈል ብቅ አለች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ትናንት ማታ አፍንጫዎን ወደ ጉድጓዴ ሲያስገቡ ደንግጬ ነክሼዎት ነበር። ቁስሉ ሻረልዎት?» አለችው፤ ከልቧ አዝና ነበር።

ጭላዳዎቹ መጀመሪያ የፍልፈሏን ጥርሶች፣ ቀጥሎም በቀበሮው አፍንጫ ላይ ያሉትን ሁለት የንክሻ ምልክቶች ተመለከቱ። ግልገሏ ጣቶቿን እየቆጠረች «ታዲያ ሦስቱ ነብሮችስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቀበሮው ጅራቱን ቆልፎ ወደ ጓሳው ሣር እየገባ ነበር።