ለማስተርስ ስኮላርሺፕ የማመልከቻ ደብዳቤ

ለስኮላርሺፕ ኮሚቴው፣

በሰሜን ሸዋ ዞን በሚገኝ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ። በመድኃኒት አቅርቦት አስተዳደር ማስተርሴን መሥራት እፈልጋለሁ።

ምክንያቴ የመድኃኒት ፍሪጃችን ነው። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጥ መርፌ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያጣ ግን ሐሳብ ይገባናል። «አገሩ ደጋ ነው፣ ብርዱ ይበቃዋል» የሚል አይጠፋም። የመንዝ ብርድ ፍሪጅ አይሆንም! ቀን ፀሐይ መስኮቱን ስትመታው ክፍሉ ይሞቃል። የተበላሸው መርፌ ደግሞ በዓይን ሲታይ ከደህናው አይለይም።

የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ የምንመዘግብበት ወረቀት በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ረድቶናል፤ ግን ወረቀት መድኃኒት አያመጣም። የሚያስፈልገንን መጠን አስቀድሞ መተንበይ፣ ክምችትን ከጤና ጣቢያዎች ጋር ማናበብ፣ የቅዝቃዜ ሰንሰለቱን ከመጋዘን እስከ ማዋለጃ ክፍል መከታተል መማር እሻለሁ።

በመንግሥት ደመወዝ ውጭ አገር ከፍሎ መማር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ያመለከትኩት ሙሉ ወጪ ለሚሸፍነው ዕድል ነው። ስጨርስ ወደ ዞኑ ተመልሼ፣ በቅድሚያ የጤና ጣቢያ ፋርማሲ ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካቿ