ጉዳዩ፦ የሥልጠና መማሪያው ኅትመት፤ ማክሰኞ ጥቅምት 11 በስልክ የተስማማንባቸው ነጥቦች ማረጋገጫ

ለአቶ ዮናስ
ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ሰናይት፣ ለአቶ ታረቀ

ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ዮናስ፤

ዛሬ ጠዋት ከእርስዎና ከወ/ሮ ሰናይት ጋር በስልክ ላደረግነው ውይይት አመሰግናለሁ። ከእኛ በኩል እኔና የምርት ክፍል ኃላፊያችን አቶ ታረቀ ነበርን። በርካታ ጉዳዮችን በአንድ ጊዜ ስላነሣን፣ አንዳንዶቹም ዋጋንና የማስረከቢያ ቀንን ስለሚነኩ፣ እያንዳንዱን የተረዳሁበትን መንገድ ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድሁ። በተለየ የተረዱት ነጥብ ካለ አሁኑኑ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ የገጹን ብዛት ላንሣ። በውሉ ላይ የሰፈረው 232 ገጽ ሲሆን፣ ወ/ሮ ሰናይት የመልመጃ መልሶች በመጨረሻው ላይ እንዲገቡ በመፈለጋቸው መማሪያው 240 ገጽ እንዲሆን ተስማምተናል። አቶ ታረቀ እንዳስረዱት፣ በእኛ ማሽን በአንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባ 16 ገጽ ታትሞ ይታጠፋል፤ 232 ገጽ ለ14 ሙሉ ወረቀትና ለአንድ ግማሽ ስለሚደርስ፣ የተጨመሩት 8 ገጾች ያንን ግማሽ ይሞሉታል። ስለዚህ ለእነዚህ ገጾች የኅትመት ጭማሪ አንጠይቅም፤ የገጽ ቅንብሩ ግን በዋጋ ማቅረቢያችን በተገለጸው የአንድ ገጽ ዋጋ ይታሰባል። ከ240 ገጽ በላይ አንድ ገጽ እንኳ ቢጨመር ሌላ ወረቀት መጀመር ግድ ስለሚሆን፣ ያኔ ዋጋውን እንደገና እንነጋገራለን።

ጥረዛው በሙጫ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በክር እንዲሰፋ ወስነናል። ሠልጣኞቹ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ገልጠው እየጻፉበት እንደሚማሩ ሲነግሩን እኛም የመከርነው ይህንኑ ነው፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ በኃይል ተዘርግቶ ሲያዝ ቅጠሎቹ ከጀርባው ይላቀቃሉ። ለውጡ ጠቅላላውን ዋጋ በ4 በመቶ ያሳድገዋል፤ የኅትመቱንም ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን ወደ 12 የሥራ ቀን ያደርሰዋል። የተሻሻለውን የዋጋ ማቅረቢያ ከዚህ መልእክት ጋር አያይዣለሁ።

ስለ ሽፋኑ ሰማያዊ ቀለም ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋግረን ነበር። እርስዎ በስክሪን ላይ ያዩት ሰማያዊ ደመቅ ያለ ነው፤ ስክሪን ብርሃን ስለሚያመነጭ፣ በአራት የኅትመት ቀለሞች ቅልቅል ወረቀት ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ግን ያን ያህል ሊደምቅ አይችልም። በመሆኑም የቀለሙ ማነጻጸሪያ በኢሜይል የላክሁት ፒዲኤፍ ሳይሆን፣ ታትሞ በእጅዎ የሚደርሰውና እርስዎ የሚፈርሙበት ናሙና እንዲሆን ተስማምተናል። የተፈረመበት ናሙና አንድ ቅጂ በእርስዎ፣ ሌላው በእኛ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ጥያቄ ቢነሣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርገው ይታያሉ።

እርማትን በሚመለከት፣ በናሙናው ላይ አንድ ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ተካቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት በያዝሁት ሌላ ሥራ «አንድ ዙር» የሚለውን ደንበኛውና እኔ በየራሳችን መንገድ ተረድተነው፣ ሁለታችንም በቅን ልቦና እየተከራከርን አንድ ሳምንት አጥተናል። በዛሬው ውይይት እንደተስማማነው፣ አንድ ዙር ማለት የሁለታችሁም አስተያየት ተጠቃሎ በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ጊዜ ሲደርሰን ነው። የፊደል ግድፈት፣ የተዛባ የገጽ ቁጥር፣ ቦታውን የሳተ ሥዕልና እነዚህን የመሳሰሉት እርማት ናቸው፤ አዲስ አንቀጽ መጨመር፣ የምዕራፍ ቅደም ተከተል መቀየር ወይም ሥዕልን በሌላ መተካት ግን የይዘት ለውጥ ስለሆነ ለብቻው ይታሰባል። ግድፈቱ በእኛ የቅንብር ስሕተት የመጣ ከሆነ ዙሩ ቢያልቅም ያለ ክፍያ እናርመዋለን። የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጡት እርስዎ ብቻ ሲሆኑ፣ የወ/ሮ ሰናይት አስተያየትም በእርስዎ በኩል ይደርሰናል።

ቀኖቹን በተመለከተ፣ የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ዓርብ ጥቅምት 14 ይልኩልናል፤ ናሙናውን ሰኞ ጥቅምት 24 እናደርሳለን፤ እርስዎም እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27 የሥራ ሰዓት መጨረሻ ፈርመው ይመልሱልናል። ከዚያ 12 የሥራ ቀን ሲቆጠር ማስረከቢያው ሰኞ ኅዳር 15 ይሆናል። የሥራ ቀን ስንል ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለታችን ነው። ፊርማው በአንድ የሥራ ቀን ከዘገየ ማስረከቢያውም በዚያው ልክ ወደ ማክሰኞ ኅዳር 16 ይሸጋገራል፤ ናሙናው በእኛ ምክንያት ከዘገየ ደግሞ እርስዎ ለመመርመር ያለዎት ሦስት ቀን አይነካም።

ርክክቡ በካርቶን ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ካርቶን 20 ቅጂ ስለሚገባ 1,500ው ቅጂ 75 ካርቶን ነው። በርክክቡ ዕለት ካርቶኖቹ ይቆጠራሉ፤ የእርስዎ ሠራተኛ የመረጣቸው 5 ካርቶኖችም ተከፍተው ይታያሉ። ቀሪው 50 በመቶ ክፍያ መቼ እንደሚፈጸም ግን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። እኔ የሰማሁት ርክክቡ በተፈረመ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚከፈል ነው፤ እርስዎ «ከቆጠራ በኋላ» ያሉት ግን ምናልባት እያንዳንዱን ቅጂ መቁጠርን ሊያመለክት ይችላል። የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ቢጽፉልኝ።

ሁለት ጉዳዮች አልተወሰኑም። አንደኛው ተጨማሪ 300 ቅጂ የማሳተም ሐሳብ ነው፤ በውይይቱ ላይ ስለተነሣ ብቻ እንደ ትዕዛዝ አልቆጥረውም። ከፈለጉት ግን ናሙናውን ከሚፈርሙበት ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ከተነሣ በኋላ 300 ቅጂ ለማተም ዝግጅቱ እንደገና ከመጀመሪያው ስለሚጀመር የአንዱ ቅጂ ዋጋ እጅግ ይወደዳል። ሁለተኛው መጻሕፍቱ በአንድ መጋዘን ወይስ በሁለት ይረከቡ የሚለው ሲሆን፣ እርስዎ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ተመካክረው እስከ ኅዳር 3 እንደሚያሳውቁን ነግረውናል።

እባክዎ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ድረስ ይህን ኢሜይል በመመለስ ማረጋገጫዎን ወይም ማስተካከያዎን ይላኩልኝ። ሁሉም እንደተረዳሁት ከሆነ «ትክክል ነው» የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል። ዝምታዎን እንደ ስምምነት ወስጄ ዋጋ የሚቀይር ሥራ ልጀምር አልፈልግም፤ ስለዚህ የክር ጥረዛውንና የተጨማሪ ገጾቹን ቅንብር የጽሑፍ መልስዎ እስኪደርሰኝ አላስጀምርም። በውሉ ላይ አስቀድሞ ያለውን የ232 ገጽ ዝግጅት ግን ቀኑ እንዳይባክን እንቀጥላለን። ወ/ሮ ሰናይትና አቶ ታረቀም በማስታወሻቸው ከዚህ የሚለይ ነገር ካገኙ ለሁላችንም መልስ ቢሰጡ መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ሄለን
የደንበኞች ሥራ አስተባባሪ

አባሪ፦ በክር ጥረዛና በ240 ገጽ የተሻሻለ የዋጋ ማቅረቢያ