ከላይ ያለውን የ«ድምፅ ስጡልኝ» ሊንክ ከመንካታችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከላይ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ ዛሬ ማታ ይዘጋል» ተብሎ ስለተለጠፈው ሊንክ ነው። እባካችሁ ስልክ ቁጥርም ኮድም እንዳታስገቡበት፣ ገጹ የውድድር ገጽ አይደለም፣ የሰው ቴሌግራም መውሰጃ ነው።

አስገብቻለሁ የምትሉ ካላችሁ ጊዜ የማይሰጠው የናንተ ጉዳይ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። አሁኑኑ በስልካችሁ ቴሌግራም ክፈቱ፣ Settings ከዛ Devices ግቡና የማታውቁት ስልክ ወይ ኮምፒውተር ካለ Terminate All Other Sessions የሚለውን ንኩት። ነገ አየዋለሁ አትበሉ፣ ቴሌግራም አዲስ የገባ ዲቫይስ ነባሮቹን እንዳያስወጣ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ይከለክለዋል፣ ስለዚህ በዛ ሰዓት ውስጥ እናንተ ልታስወጡት ትችላላችሁ እሱ ግን እናንተን አይችልም፣ ከዛ በኋላ ግን ቀድሞ የነካ ነው። ካስወጣችሁት በኋላ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification አብሩና ፓስወርድ አውጡለት፣ የሪከቨሪ ኢሜይልም አብራችሁ አስገቡ። እሱ ቀድሟችሁ ፓስወርድ አውጥቶበት ካገኛችሁትም አትደንግጡ፣ ስልካችሁ ላይ ገብታችሁ እስካላችሁ ድረስ ሪሴት መጠየቅ ይቻላል፣ 7 ቀን ያስጠብቃል እንጂ። በድንጋጤ ሎግ አውት እንዳታደርጉ ብቻ፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚሳሳተው።

እንዴት አወቅክ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘኝ አድራሻው ነው። ማንም በስህተት እንዳይነካው መጨረሻውን ቀይሬዋለሁ፣ አሠራሩ ግን ይሄ ነው፦

```
https://telegram.org.kids-vote.example/final
```

ሲጀምር telegram.org ስለሚል ሰው እዛው ላይ ያቆማል። ግን ሳይቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከፊት ባለው አይደለም፣ ከ https:// ቀጥሎ የመጀመሪያዋ / ምልክት እስክትመጣ ሄዳችሁ ከሷ ወዲህ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ነው፣ እዚህ ላይ kids-vote.example ማለት ነው። telegram.org የሚለው ማንም ከፊት ሊቀጥለው የሚችል ጽሑፍ ነው። ሌላው፣ አካውንት በሌለው ብሮውዘር ምንም ሳላስገባ ከፍቼ አየሁት፣ የሁለት ሕፃናት ፎቶ አለ፣ የትኛውንም ብትነኩ ያው አንድ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ነው የሚመጣው። የድምፅ ቁጥሩም እያያችሁት ይጨምራል፣ ሪፍሬሽ ስታደርጉት ደግሞ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ቁጥር ይነሳል 😅 የሚቆጥረው ነገር የለም ማለት ነው።

ቁጥራችሁን ስታስገቡ የሚመጣላችሁ ኮድ ደግሞ እውነተኛ ነው፣ ሰውን የሚያሳምነውም እሱ ነው። ከቴሌግራም ከራሱ ነው የሚመጣው ምክንያቱም በዛች ደቂቃ ሌላ ሰው በናንተ ቁጥር ሊገባ እየሞከረ ነው፣ ገጹ ላይ ስትጽፉት ለሱ አቀበላችሁት ማለት ነው። መልእክቱ ራሱ እኮ ኮዱን ለማንም አትስጡ ይላል፣ ግን ድምፅ ለመስጠት የተቻኮለ ሰው ቁጥሯን ብቻ አይቶ ያልፋል። ቁጥር በመጠየቅ ፈንታ «በካሜራ ስካን አርጉ» የሚልም ስላለ እሱንም እንዳትሞክሩት፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ሊንኩን የለጠፈችውን ልጅ ግን እባካችሁ አትስደቧት። ከጀርባ ማን እንዳለ እኔም አላውቅም፣ እሷ አምናበት አስተላልፋው ሊሆን ይችላል፣ አካውንቷ ራሱ ተወስዶባት ሊሆንም ይችላል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ላይ ይኸው ደርሶበት ከሱ አካውንት «ሰላም ወንድሜ እስከ ነገ የምታበድረኝ ገንዘብ አለህ?» የሚል መጣልኝ፣ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም፣ ስደውልለት ተኝቷል። እንደ ዕድል ሆኖ ሰዓታት ብቻ ስላለፉት በዛው ስልኩ ላይ አስወጣነው። ስለዚህ ልጅቷን በአካል የምታውቋት ካላችሁ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ደውሉላትና ንገሯት፣ አካውንቷ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ በጽሑፍ የምትነግሩት ለሱ ነውና።

ከሷ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣላችሁም ድምጿን ሳትሰሙ ምንም እንዳትልኩ፣ ቮይስ ሜሴጅ እንኳን ከድሮው ቻት አንስቶ ሊልክ ይችላል።

ሊንኩን ሪፖርት አድርጌዋለሁ፣ እናንተም አድርጉ። እስኪነሳ ድረስ ለሌሎች ለማስጠንቀቅ ብላችሁ ሊንኩን ራሱን ኮፒ አድርጋችሁ አትላኩት፣ ስክሪንሾት ይበቃል።