ጋዋን፣ ፎቶና ስጦታ በአንድ ደረሰኝ፦ የምረቃ ሰሞን ቅናሽ ለተመራቂና ለቤተሰብ

ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ እህት ወንድሞች፣ አክስት አጎቶች፦ እንኳን ደስ አላችሁ!

በአንድ ጣሪያ ሥር የምንሠራ ሦስት ነን፤ ጋዋን አከራይ፣ ፎቶ ቤትና የስጦታ መደብር። በዚህ የምረቃ ሰሞን ሦስቱንም አንድ ላይ ለሚያዝ ቤተሰብ ከጠቅላላ ሂሳቡ 15 በመቶ እንቀንሳለን። ከአንድ ቤት ሁለት ተመራቂ ካለ የሁለተኛው ጋዋን ኪራይ በግማሽ ነው። ቅናሹ የሚሠራው ከምረቃው ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ ላዘዘ ነው።

21 ቀን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስጦታው ላይ የሚታተመው ፎቶ በጋዋን የተነሳ እንዲሆን ሁሉም ይፈልጋል፤ ጋዋኑ ግን የሚወሰደው በዋዜማው ነው። ስለዚህ ያማረው ፍሬም ውስጥ ከመታወቂያ የተገለበጠ ጉርድ ፎቶ ይገባና ያርፈዋል። እኛ ጋር ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ልክ ትለካላችሁ፤ ምረቃው 14 ቀን ሲቀረው ጋዋኑን እዚሁ ለብሳችሁ ስቱዲዮ ውስጥ ትነሳላችሁ፤ 10 ቀን ሲቀረው ስጦታው ወደ ሥራ ይገባል፤ 3 ቀን ሲቀረው ጋዋኑን ተኩሰን፣ ማንጠልጠያ ላይ እንዳለ እናስረክባለን።

ስለ ልክ። ቁመት የሚለካው በዕለቱ በሚደረገው ጫማ ነው። ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ጫማ ተመራቂዋን ከፍ ሲያደርጋት ጋዋኑ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ መውደቅ ያለበት ግን ከጉልበት በታች፣ ባት መሐል ላይ ነው። ለቆብ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብለን ዙሪያውን በሜትር እንለካለን። ፀጉሯን ለምረቃው የምትሠራ ካለች በዚያው አሠራር ትምጣ፤ ካልሆነም ምን ዓይነት እንደሆነ ትንገረን። በልቅ ፀጉር የተለካ ቆብ ከፍ ብሎ በተሠራ ፀጉር ላይ አይቀመጥም።

ሁዱ፣ ማለትም ከአንገት ወደ ጀርባ የሚወርደው፣ ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ ጉሮሮን እየጎተተ ያስቸግራል። ከፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ ቀለበት ጌጥ አይደለችም፤ በሸሚዝ ቁልፍ ላይ የምትሰካ ናት። ቁልፍ የሌለው ቀሚስ ለምትለብስ ሁለት መርፌ ቁልፍ ከጋዋኑ ጋር እንሰጣለን፤ ትከሻና ትከሻ ላይ ከውስጥ በኩል ይያዛል።

ቤት ከወሰዳችሁት በኋላ ካውያ አታስነኩት። ጨርቁ ፖሊስተር ነው፤ የጋለ ካውያ ያብለጨልጨዋል ወይም ያቀልጠዋል፣ ምልክቱም አይለቅም። ከተጨማደደ ገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሙቅ ውኃ ከፍታችሁ እንፋሎቱ ላይ ለ15 ደቂቃ ስቀሉት። ፋውንዴሽን ተቀብታችሁ የምትለብሱ ደግሞ ፊታችሁን በስስ ሻሽ ሸፍናችሁ አጥልቁት፤ አንገቱ ላይ ተደጋግሞ የሚመጣብን እድፍ እሱ ነው። መመለሻው ከምረቃው በኋላ 2 ቀን ሲሆን፣ እባካችሁ ሳታጥቡ መልሱ። የማጠቡ ሥራ የእኛ ነው። የጠፋ ቆብ ወይም የተቃጠለ ጋዋን ግን ያስከፍላል።

የፎቶው አገልግሎት ሦስት ዓይነት ነው።
• ለተመራቂ ብቻ፦ በስቱዲዮው ለ1 ሰዓት፣ 20 የተስተካከሉ ፎቶዎች፣ አንድ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ከነፍሬሙ።
• ለቤተሰብ፦ ከላይ ያለው ሁሉ፣ በተጨማሪም በምረቃው ዕለት በግቢው ለ2 ሰዓት፣ 60 ፎቶና ባለ 20 ገጽ አልበም።
• ለጓደኛሞች፦ ከ4 እስከ 10 ተመራቂ በአንድነት፣ 90 ደቂቃ፤ ለእያንዳንዱ 10 ፎቶ።

ፎቶ አንሺው ጥላ ፈልጎ ሲያዞራችሁ አትቆጡት። ቀትር ላይ የቆቡ ጠርዝ በዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጥቁሩ ጋዋን ደግሞ ካሜራውን ያታልለውና ፊት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ጥላ ሥር እናቆማችኋለን፤ ጥላ ከጠፋም ፊታችሁን በፍላሽ እናበራለን። ቆቡ ከወለሉ ጋር እኩል ተዘርግቶ፣ አንደኛው ማዕዘን በግንባር መሐል ይሁን። ወደ ኋላ የተገፋ ቆብ በሁሉም ፎቶ ላይ ያሳቅቃል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ትልቁን የቤተሰብ ፎቶ መጀመሪያ እናንሳ፤ አያቶች ቀድመው ይቀመጣሉ፣ የቀረው ይደረደርና 10 ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ ይሁን ከተባለ አያት ደክመዋል፣ ሕፃን ተኝቷል፣ አንዱ አጎት መኪና ሊያቀርብ ሄዷል። የሚነሱትን በቡድን በቡድን ጽፋችሁ ስጡን፤ ሰዉን በስሙ የሚጠራ አንድ የቤተሰብ ሰውም መድቡልን። መገናኛ ቦታችሁንም በዋዜማው ተነጋገሩ፤ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል።

አሁን ወደ ስጦታው። ፎቶ ያለበት ኩባያ፣ የእንጨት ላይ ጽሑፍ፣ ባለ ስም ዋንጫ፣ የብዕር ስብስብና ካንቫስ አለን። አስቀድመን የምንነግራችሁ ግን ስለ ፊደል ነው፤ በሌዘር የተቀረጸ ስም አይፋቅም። ዓለምፀሐይ፣ አለምጸሃይ፣ ዓለምጸሐይ፤ በጆሮ ሲሰሙት አንድ ነው፣ ለባለስሟ ግን ስሟ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስም በስልክ በቃል አንቀበልም፤ ባለስሙ እንደሚጽፈው ተጽፎ ይምጣ። «እንኳን ደስ ያለህ» እና «ያለሽ» የሚሳሳት ሰው የለም ትሉ ይሆናል፤ አክስት አዝዛ አጎት ሲያስረክብ ይሳሳታል። ከመቀረጹ በፊት ናሙናውን በወረቀት አትመን እናሳያችኋለን፤ ፈርማችሁ ካለፈ በኋላ የተገኘ ስህተት በእናንተ፣ ከናሙናው የተለየ ሥራ በእኛ ሂሳብ ነው። ገና ያልተሰጠ ማዕረግ አስቀድማችሁ ባታስቀርጹም ጥሩ ነው።

የራሳችሁን ፎቶ የምታሳትሙ፣ በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ ጥርት ብሎ የሚታተመው እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለኩባያ ይበቃል፤ ለ30 በ40 ፍሬም ግን ፊቱ ይደበዝዛል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ሲታዘዝ ግማሽ፣ ጋዋኑ ሲወሰድ ቀሪው። ምረቃው በተቋሙ ውሳኔ ቢራዘም ቀብዱ ወደ አዲሱ ቀን ይዛወራል። አልበሙ ከምረቃው በ10ኛው ቀን ይደርሳል።

ለመመዝገብ ተመራቂው ራሱ ይምጣ፤ የዕለቱን ጫማ፣ የተቋሙን የጋዋንና የሁድ ቀለም የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ ስሙንም በእጁ ጽፎ ይያዝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 1:00 ክፍት ነን፤ እሑድ የምንሠራው ፎቶ ብቻ ነው።