የሶፋ እጥበት ቪዲዮ ስክሪፕት፦ ደሴ፣ ሆጤ (50 ሰከንድ)

ለቀራጩና ለኤዲተሩ፦ የታጠበው ሶፋ ከ40ኛው ሰከንድ በፊት ሙሉውን አይታይም። የቪዲዮው ሽፋን ፎቶ ላይም እንዳታወጡት። ሰው መልሱን አስቀድሞ ካየ ምን ብሎ ይቆያል?

ከ0–4
ካሜራው የሶፋው ክንድ ላይ ይጠጋል። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ሙዚቃ የለም።
ድምፅ፦ «ይሄ ሶፋ ሲገዛ ቀለሙ ምን ነበር?»

ከ4–10
ሙሉው ሶፋ፣ ከበሩ በኩል። የቤቱ እናት አጠገቡ ቆመዋል።
እናት፦ «ቡኒ መሰለኝ። ኧረ እንጃ ልጄ፣ እኔም ረሳሁት።»
(አታስጠኗቸው፤ እንዳሉት ይግባ። ትራይፖዱ የቆመበትን ወለል በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ ነገም እዚያው ነው የሚቆመው።)

ከ10–18
ቶሎ ቶሎ ይቆረጥ፦ ቫኪዩም፣ ከመቀመጫው ሥር የወጣ ፈንዲሻ፣ አረፋ፣ ብሩሽ። አረፋው ሁሉን ስለሚሸፍን ምንም አይታወቅም።
ድምፅ፦ «ቡና የሚጠጣበት ቤት ሶፋ ፈንዲሻ አያጣም።»

ከ18–32
እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ማሽኑ መቀመጫው ላይ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይሳባል። ካሜራው ጨርቁን ትቶ መስታወት የመሰለውን የማሽኑን አፍ ይከተል፤ ጥቁር ውሃ ሲሽቀዳደም ይታያል። ማንም አይናገርም፣ የማሽኑ ድምፅ ይበቃል። ከዚያ ጨርቁ ላይ የቀረችው ጠባብ ንጹህ መስመር፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ። ወዲያው ወደ ባልዲው፤ ውሃው ሲገለበጥ።
ድምፅ፦ «ይሄ ሁሉ ከአንድ መቀመጫ ነው።»

ከ32–35
ጥቁር ስክሪን። ጽሑፍ፦ «በማግስቱ፣ 9 ሰዓት»
(በዚያው ቀን አንቀርጽም። እርጥብ ጨርቅ ስለሚጠቁር ሶፋው ዥጉርጉር ይመስላል፣ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ቢሆን በሙቀቱ ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ የደሴን ብርድ ግን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያውም በ9 ሰዓት ስለሚቀረጽ የመስኮቱ ብርሃን ይቀራረባል። ፊልተር አይነካ፣ ሰው ይነቃብናል።)

ከ35–44
ሶፋው አንሶላ ለብሷል። እናት ራሳቸው ይገልጡታል። ካሜራው ግን ፊታቸው ላይ ነው።
እናት፦ «አጃኢብ!»
40ኛው ሰከንድ፦ ከፕላስተሩ ቦታ፣ ሙሉው ሶፋ። ክሬም። አራት ሰከንድ ሳይቆረጥ፣ ጽሑፍ ሳይደረብበት።
እናት (ከጀርባ)፦ «ወላሂ ሌላ ሶፋ ነው ያስገባችሁት!»

ከ44–50
በፊትና አሁን፣ ጎን ለጎን። ቀጥሎ ክንዱ ላይ የቀረችው የእስክሪብቶ ጭረት ከቅርብ ትታይ።
ድምፅ፦ «ይቺ አልለቀቀችም፣ አልደበቅናትም። ደሴም ኮምቦልቻም ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። የሶፋችሁን ፎቶ ላኩልን፣ የሚለቀውንና የማይለቀውን አይተን ዋጋውን እንነግራችኋለን።»