ለዶ/ር ሄኖክ፦ የወ/ሮ ዘነበች የስኳር መድኃኒት ለኩላሊታቸው ሲባል እንዲቀየር

ደሴ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ዶክ፣ እንዴት ነህ? ትናንት ከሰዓት ደውዬልህ ነበር፣ ነርሷ ራውንድ ላይ ነው ስላለችኝ አላስቸገርኩህም። ደግሞ እንዲህ አይነት ነገር በስልክ ተወርቶ ካርድ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ደስ አይለኝም፣ ስለዚህ ጻፍኩልህ። ወረቀቱን ይዞልህ የሚመጣው የልጅ ልጃቸው ነው፣ የላብ ውጤቱንና የማዘዣውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱን ጊዜ ስታገኝ ታነበዋለህ፦ ወ/ሮ ዘነበች ሜትፎርሚኑንም ግሊቤንክላማይዱንም እንዲያቆሙና በምትኩ ሊናግሊፕቲን 5 ሚ.ግ. በቀን አንዴ እንድትጽፍላቸው ነው። የደም ግፊቱንና የኮሌስትሮሉን መድኃኒት አልነካሁም፣ እንደጻፍከው ሰጥቻቸዋለሁ። የስኳሩን ግን አልሰጠሁም፣ አንተ እስክትመልስልኝ ይዤዋለሁ።

ማዘዣው ላይ ያለው ሜትፎርሚን 1000 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ፣ ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ፣ አምሎዲፒን 5፣ አቶርቫስታቲን 20 ነው። ሲያስረክቡኝ የላብ ወረቀቱ አብሮ ታጥፎ ነበር፣ ገልጬ ሳየው ክሬቲኒን 2.1 ይላል። ውጤቱ የታተመበት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፣ አንተ ደግሞ ጠዋት ነው ያየሃቸው፣ ማዘዣውን ስትጽፍ ውጤቱ እጅህ አልገባም ነበር መሰለኝ። እማማ ደግሞ ውጤቱን ተቀብለው ወደ አንተ በመመለስ ፈንታ ቀጥታ ወደኔ መጡ፣ ሰልፉ ሰልችቷቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ዕድሜያቸው 66 ነው፣ እኔ ጋ ስመዝናቸው 52 ኪሎ ናቸው። በ2021ዱ ሲኬዲ ኢፒአይ ቀመር ሳሰላው ኢጂኤፍአር 25 አካባቢ ይመጣል፣ በኮክክሮፍት ጎልት ካሰላኸው ደግሞ ክሊራንሳቸው 22 ሚሊ በደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ውሃ አጥሯቸው ወይ ላብ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የድሮውን ወረቀት ጠየቅኳቸው፣ ከቦርሳቸው አወጡልኝ፣ ታኅሣሥ ላይ 1.9 ነበር፣ ያኔም ኢጂኤፍአሩ 29 አካባቢ ነው የሚሆነው። ሦስት ወር ሙሉ ከ30 በታች ነው ማለት ነው። በእርግጥ አሁን ትንሽ የባሰበት ነገር አለ፣ እሱን ወደታች እነግርሃለሁ።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ሜትፎርሚን ምንም ሳይለወጥ በኩላሊት ነው የሚወጣው፣ ከ30 በታች ደግሞ ክልክል ነው፣ አንተ ታውቀዋለህ። ድሮ በክሬቲኒን ቁጥር ነበር የምንሄደው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ኤፍዲኤ ወደ ኢጂኤፍአር ከቀየረው ወዲህ ነገሩ ቀለለ፦ ከ30 እስከ 45 ከሆነ አዲስ አትጀምር፣ ሲወስድ የነበረ ሰው ከሆነ ደግሞ አስብበትና ዶዙን ቀንስ፣ ከ30 በታች አቁም። እሳቸው በ25 ላይ ሆነው በቀን 2000 ሚ.ግ. ነው እየወሰዱ ያሉት፣ ይሄ ለጤነኛ ኩላሊትም ሙሉ ዶዝ ነው። ሰሞኑን ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ አፋቸው ይመራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ከሜትፎርሚኑ ይሁን ከዩሪያው መለየት ለኔ ይከብደኛል፣ ግን ላክቲክ አሲዶሲስ ብሎ ነገር ስለምፈራ አተነፋፈሳቸውን አየሁት፣ አያለከልኩም፣ አላስታወኩም፣ ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው። ቢሆንም አንተ ብታያቸው ደስ ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሜትፎርሚኑ ሳይሆን ግሊቤንክላማይዱ ነው። ጉበት ይሰባብረዋል እንጂ የተሰባበሩት ነገሮች ራሳቸው ስኳር ያወርዳሉ፣ የሚወጡት ደግሞ በኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማሉ፣ ስለዚህ ስኳሩ ወርዶ አንዴ ስኳር ሰጥተኸው ተሻለው ብለህ ትልከዋለህ፣ ሌሊት ላይ እንደገና ይወርዳል። እኔ ጋ ሲገቡ ላብ አጥምቋቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለካሁት 63 ነው። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 104 ሆነ። እንደዚህ አይነት ነገር ካሁን በፊት ገጥሞዎት ያውቃል ወይ ስላቸው፣ ኧረ ልጄ ጎህ ሲቀድ ሲቀድ ልቤ እየመታ ያነቃኛል፣ ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ጾሙ ነው ብዬ ነው እንጂ አሉኝ። ጾሙ ደግሞ እውነትም አለበት፣ ሁዳዴ ነው፣ ጠዋት ክኒኑን በውሃ ዋጥ አድርገው እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ጠዋት የተዋጠ ግሊቤንክላማይድ፣ ባዶ ሆድ፣ 25 ኩላሊት፣ ሦስቱ ባንድ ሰው ላይ።

የዓለም ጤና ድርጅትም የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይመችም ብሎ ጽፎታል፣ እሳቸው 66 ናቸው፣ ስለዚህ ኩላሊታቸው ደህና ቢሆን እንኳን እኔ ይቀየር ባይ ነበርኩ። እዚህ አገር ርካሽ ስለሆነና ሁሌም ስለማይጠፋ ነው የለመድነው።

ትናንት ወደ ድንገተኛ ይሂዱ ብያቸው ነበር፣ ደህና ነኝ ብለው እምቢ አሉ። የልጅ ልጃቸው ግሉኮሜትር ስላለው የማታውን ሁለቱንም ክኒን እንዳይሰጣቸውና በየሦስት ሰዓቱ እንዲለካ፣ ከ70 ከወረደ ስኳር ሰጥቶ ወዲያው ሆስፒታል እንዲያመጣቸው፣ መንቃት ካቃታቸው ደግሞ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳይጨምር ነገርኩት። እኩለ ሌሊት ላይ 91፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 86፣ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 118 ብሎ ጽፎልኛል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ይህን ያደረግኩት ያንተን ማዘዣ ለመሻር አይደለም፣ እስክንነጋገር ለአንድ ሌሊት ነው፣ ካልተስማማህበት ንገረኝ።

ለምን ሊናግሊፕቲን? ኩላሊት ውስጥ የሚያልፈው 5 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው፣ አብዛኛው በሐሞት ወጥቶ በሰገራ ይሄዳል፣ ስለዚህ ኢጂኤፍአሩ ወደፊት ቢወርድም ዶዝ መቀየር የለብንም። ብቻውን ሲወሰድ ስኳር አይጥልም ማለት ይቻላል፣ ከምግብ ጋር ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም፣ አንዴ በቀን ነው፣ ዓይናቸው ደክሞ ሲሪንጅ ላይ ያለውን ቁጥር ለማያዩ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደካማ መድኃኒት ነው ትለኝ ይሆናል፣ ልክ ነህ፣ ኤችቢኤዋንሲን ከግማሽ እስከ 0.7 ፐርሰንት ቢያወርድ ነው። ግን የእሳቸው 7.1 ነው፣ በዚህ ዕድሜና በዚህ ኩላሊት 8 ቢሆን ማን ይከሳቸዋል? ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው 10.1 ስለሆነ 7.1ን ራሱን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፣ የጣት ልኬቱን ነው የማምነው። ቆሽታቸው ተቆጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን ይቅር፣ እኔ ስጠይቃቸው የለም ብለዋል፣ አንተ ካርዱን እየው።

ዋጋው አይቀመስም፣ እሱን አልደብቅህም። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ጋ ደውለን ነገርናት፣ በየወሩ እልካለሁ ብላለች። እኔ ጋ የሁለት ወር አለ። ካጣነው ሲታግሊፕቲን 25 ሚ.ግ. በቀን አንዴ ወይም ቪልዳግሊፕቲን 50 በቀን አንዴ ይሆናል፣ እነሱ ግን የተቀነሰ ዶዝ መሆናቸውን ማዘዣው ላይ በደንብ ጻፍልኝ፣ ሌላ ፋርማሲ ሄደው ሙሉውን እንዳይሰጧቸው። ግሊሜፒራይድ እንዳትለኝ ብቻ፣ እሱም ያው የግሊቤንክላማይድ ወንድም ነው።

ኢንሱሊን ይሻላል ካልክ አልከራከርህም፣ በጤና መድኑም ሆስፒታላችሁ ይሰጣል። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊንም ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከ0.1 ዩኒት በኪሎ አትለፍ፣ ወደ 5 ዩኒት ኤንፒኤች ማለት ነው። ማታ ከሰጠሃቸው ያው ጎህ ሲቀድ ነው የሚያወርዳቸው፣ ጠዋት ከሰጠሃቸው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት መጾም አይቻልም፣ ያኔ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር ይኖርብናል፣ የሰፈራቸው ቄስ ለበሽተኛ ይፈቅዳሉ፣ አውቃቸዋለሁ። ዳፓግሊፍሎዚኑን ደግሞ ለኩላሊታቸው ብለህ አስበኸው ይሆናል፣ እኔም አስቤዋለሁ፣ ግን በዚህ ኢጂኤፍአር ስኳር ላይ ብዙም አይሠራም፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ እየዋሉ እሱን መጀመር አልወደድኩትም። ከፋሲካ በኋላ ከኩላሊት ስፔሻሊስቱ ጋር ብትነጋገሩበት።

አሁን ያልኩህ የባሰበት ነገር፦ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሱቅ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ይውጣሉ፣ ወር አልፏቸዋል። ካርዳቸው ላይ የለም፣ ስለማይነግሩህ ነው። ከኢናላፕሪል ጋር ሆኖ ኩላሊታቸውን የጎዳው ከፊሉ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አስቁሜያቸዋለሁ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቻቸዋለሁ። ኢናላፕሪሉን ለክሬቲኒኑ ብለን ባናቆመው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ፖታሺየም ወረቀቱ ላይ አላገኘሁትም፣ አልተሠራ ይሆናል፣ ከሽንት አልቡሚን ጋር እዘዝልኝ። ክሬቲኒኑን ደግሞ ዳይክሎፌናኩን ካቆሙ ከአሥር ቀን በኋላ ብንደግመው የትኛው የቆየ፣ የትኛው አዲስ ጉዳት እንደሆነ ይለይልናል። በነገራችን ላይ ኢጂኤፍአሩ ተመልሶ ከ30 ቢያልፍ እንኳን ሜትፎርሚኑን እንደገና እንድንጀምረው አልፈልግም።

ሁለቱ ሲቆሙ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም። የልጅ ልጃቸው ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ከእራት በፊት እየለካ ይጽፋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን እኔ አየዋለሁ፣ ከ250 በላይ ደጋግሞ ከወጣ ወይም ከ80 ከወረደ እደውልልሃለሁ።

ከተስማማህ አዲስ ማዘዣ ጽፈህ ለልጁ ስጠው፣ ካርዱ ላይም ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ መቆማቸውን ከነምክንያቱ አስፍርልኝ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም የድሮውን ገልብጦ ይጽፈዋል። ካልተስማማህ ደግሞ እስከ 11 ሰዓት ደውልልኝ፣ ዛሬ ማታ ምን እንደሚወስዱ ማወቅ አለባቸው።

ሰላማዊት
ፋርማሲስት