የገለጻ ዝርዝር፦ አልጋ ላይ ለዋሉ አረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ

ለቤተሰብ በጎ አድራጎት ፈንዱ ቦርድ የሚቀርብ። ሐሙስ ጠዋት 4፡00፣ በፈንዱ ቢሮ። የተሰጠን ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። 15ቱን እንናገራለን፣ 10ሩን ለጥያቄ እንተዋለን። ሦስታችን እንገባለን፦ ሰብሳቢያችን፣ ሲስተር እና ሒሳብ ያዧ። ሌላ ሰው ይዘን አንሄድም፤ ስንበዛ ለአቤቱታ የመጣን እንመስላለን።

ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። በስልክ ሲያነጋግሩን ሁለቴ የጠየቁን "ማዕከል ለመገንባት ስንት ያስፈልጋል?" የሚል ነው። ሕንፃ ነው በሐሳባቸው ያለው። እኛ የምንጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ገለጻው ሁሉ የሚቆመው ወይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ስላይድ 4 ላይ አንቸኩል።

ስላይድ 1፦ እኛ ማን ነን (ሰብሳቢው፣ 1 ደቂቃ)

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳና አካባቢው። አምስት እድሮች በጋራ ያቋቋሙት ማኅበር ነን። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግበናል። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ ፎልደሩ ውስጥ ያገኙታል፣ ስላይዱ ላይ አናሳየውም።

አሁን 64 አረጋውያንን እንረዳለን። ከነሱ 23ቱ ከአልጋ አይነሱም። 12 ተንከባካቢዎች አሉን፤ ሁሉም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

ራእይና ተልእኮ የሚል ስላይድ የለንም። ከጠየቁ ሰብሳቢው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሳል፦ ሰው በቤቱ፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ እንዲያረጅ ነው የምንሠራው።

ስላይድ 2፦ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው (ሰብሳቢው፣ 3 ደቂቃ)

የቦርዱ ሰብሳቢ ጋሽዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ መርካቶ ክርና ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ከሸማኔው እንጀምር። እርስዎ የሸጡትን ድርና ማግ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሸምን የኖረ ሰው፣ ዛሬ ጉልበቱ አይታጠፍም። ሚስቱ ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ኖራለች። ዛሬ ወገቧ አይቃናም። እንዲህ ብሎ መጀመር ማሞካሸት አይሆንም፤ ነገሩን እሳቸው ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ጡረታ የላቸውም። የመንግሥት ሠራተኛ አልነበሩም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የሚያገኝበት የመጀመሪያው አዋጅ (ቁጥር 715) የወጣውም በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሲወጣ እነሱ ሥራ እያቆሙ ነበር። ቢቀድምም ለራሱ የሚሸምንን ሰው አሠሪ አለው ብሎ የሚያዋጣለት የለም። ጥቂቶቹ ከከተማ ሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። የጤና መድን ያላቸውም አሉ። ግን መድኑ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ለደረሰ ሰው ነው። ከአልጋ የማይነሳውን ማን ያድርሰው?

ልጆቻቸውስ? ይህ ጥያቄ አይቀርም፣ ሳይጠየቅ እንመልሰው። አንዳንዱ ልጅ ሞቷል። አንዳንዷ ዐረብ አገር ናት፣ ስትችል ትልካለች። አንዳንዱ ደግሞ አብሮ ይኖራል፣ ግን በጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጆቹን አናማም። ጨካኝ ልጅ የገጠመን ጥቂት ነው፤ ብዙ ያየነው የደከመ ልጅ ነው።

ስላይድ 3፦ በአንድ ቤት ውስጥ የምንሠራው (ሲስተር፣ 4 ደቂቃ)

ፎቶ አናሳይም። ለፎቶ ሲባል የማንም አንሶላ አይገለጥም፤ ይህ የማኅበሩ ደንብ ነው። በፎቶ ፋንታ ሲስተር አንድ ወረቀት ይዛ ትገባለች፦ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈውን የማገላበጫ ሰንጠረዥ።

ወረቀቱን በእጃቸው ትስጣቸው። አንድ ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲተኛ ቆዳው ደም አጥቶ ይቆስላል። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ሳይታወቅ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጅራት አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ይብሳል። መከላከያው መድኃኒት አይደለም፣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ያገላበጠ ሰው ሰዓቱ ፊት ምልክት ያደርጋል። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከወረቀቱ ጎን ይንጠለጠላል፤ ካልታሰረ ተማሪ ልጅ ይዞት ይሄዳል።

የእኛ ተንከባካቢ ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት መቀመጥ አትችልም። ጠዋት ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ ቁስል ካለ አይታ ለሲስተር ትደውላለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ታበላለች። ከዚያ ማገላበጡን ለልጅ ልጅ ወይም ለጎረቤት አስተምራ ትሄዳለች። ጎረቤት እምቢ ብሎ አያውቅም ማለት ግን ውሸት ነው። እምቢ የሚል አለ። ያኔ እድሩ ይነጋገራል።

ሲስተር ይህን ትጨምር፦ በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የኤችአይቪ ሕሙማንን ቤት ለቤት ማስታመም ጀምረው ነበር። ከተንከባካቢዎቻችን አንጋፋዎቹ ሙያውን የተማሩት ያኔ ነው። ገንዘቡ ሲቆም ሥራው ቆመ፣ እጃቸው ግን አልረሳውም።

ስላይድ 4፦ ለምን ሕንፃ አልጠየቅንም (ሰብሳቢው፣ 3 ደቂቃ)

ረጋ ብለን እንናገር። ሰብሳቢው እንዲህ ይበል፦

"ስለ ማዕከል ጠይቃችሁናል። አስበንበታል። ጎዳና ላይ የወደቀ፣ ቤት የሌለው ሰው ማዕከል ያስፈልገዋል። መቄዶንያ የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው፣ ማንም ሊተካው አይችልም። የእኛ ሰዎች ግን ቤት አላቸው። አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ያሉት። አርባ ዓመት የኖሩበት ነው። ቡና የሚጠራሩበት ጎረቤት አላቸው። የጎደላቸው ጣሪያ አይደለም፣ የሚያጥብ እጅ ነው። እኛ ዘንድ ሕንፃ ቢሠራ 20 ሰው እናስገባለን። 44ቱን ምን እንበላቸው?"

ሕንፃ ሲገነባ ሪባን ይቆረጣል፣ ስም ይጻፋል። ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ላይ ስም አይጻፍም። ይህን እኛ አንናገረውም፤ እነሱም ያስቡታል። ስማቸው የሚታይበት ቦታ ከፈለጉ የተንከባካቢዎቹ ሽርጥ ላይ ማተም እንችላለን። ይህን ሐሳብ ግን እነሱ ካነሱት ብቻ ነው የምናቀርበው።

ስላይድ 5፦ ገንዘቡ (ሒሳብ ያዧ፣ 3 ደቂቃ)

ከመስከረም 1 ጀምሮ የአንድ ዓመት በጀት ነው። ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፉ፣ ጋሽዬ መነጽር አይወዱም።

ተንከባካቢዎች፣ 12 ሰው በወር 3,000 ብር፦ 432,000
ነርስ፣ በወር 14,000 ብር፦ 168,000
የአዋቂ ዳይፐር፣ ለሌሊት ብቻ፦ 503,700
ሳሙና፣ በረኪና፣ ጓንት፣ ቫዝሊን፣ የቁስል ማሸጊያ፦ 240,000
ሁለት አጣቢዎች፦ 96,000
ሮቶና ፓምፕ፣ አንድ ጊዜ፦ 45,000
ኦዲት፣ ስልክ፣ የጽሕፈት ዕቃ፣ የቢሮ ኪራይ፦ 140,300
ድምር፦ 1,625,000 ብር

ዳይፐሩ ላይ ጥያቄ ይመጣል። 23 ሰው፣ በሌሊት አንድ፣ ዓመቱን ሙሉ 8,395 ፍሬ፣ አንዱ በ60 ብር ሒሳብ ነው። ቀን ቀን የምንጠቀመው ሰፈር ውስጥ የተሰፋ፣ ከሥሩ ላስቲክ ያለው፣ የሚታጠብ ጨርቅ ነው። ቀኑንም ዳይፐር እናድርግ ብንል ይህ መስመር ብቻውን በሦስት ይባዛል። አጣቢዎቹ የተቀጠሩት ለዚህ ነው። ሮቶውም ለዚህ ነው፤ ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አንሶላ ደግሞ ፈረቃ አይጠብቅም።

ከዚህ ውስጥ 360,000 ብሩን እድሮቹ ያዋጣሉ። 1,500 አባል በወር 20 ብር ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው ቀሪውን፣ 1,265,000 ብር ነው። በአራት ክፍያ፦ መጀመሪያ 350,000፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ 305,000። ሪፖርት ካልደረሳችሁ ቀጣዩን አትልቀቁ። ይህን ራሳችን እንበለው፣ እነሱ እስኪሉት አንጠብቅ።

አስተዳደራዊ ወጪያችን 9 በመቶ አይሞላም። አዋጁ እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። ግን በዚህ ብዙ አንኩራራ። የሒሳብ ያዧ ደመወዝ በጀቱ ውስጥ የለም፣ በትርፍ ጊዜዋ በነጻ ነው የምትሠራው። ቢጠይቁ እንዲህ ሁሌም ሊቀጥል እንደማይችል በግልጽ ትናገር።

ስላይድ 6፦ ሥራችንን በምን ታዩታላችሁ (ሲስተር፣ 1 ደቂቃ)

በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ እንልካለን። አዲስ የአልጋ ቁስል ስንት ሰው ላይ ወጣ፣ ስንቱ ዳነ፣ ስንት ቤት ሳይጎበኝ ቀረ፣ ለምን ቀረ። የሞቱም ይቆጠራሉ። በዚህ ሥራ የሚሞት አለ፣ እሱን ከሪፖርት ማውጣት አይገባም። ዓመቱ ሲያልቅ የውጭ ኦዲተር ሒሳቡን ያያል፣ ኮፒው ይደርሳችኋል።

ለጥያቄ ሰዓት የተዘጋጁ መልሶች

*ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ቢነሳስ?* ሊሆን ይችላል። ተነሺዎቹ ወደተለያየ ቦታ ቢሄዱ ሁሉንም መከተል አንችልም። የምንችለው የሚሄዱበት አካባቢ ያለውን እድር አነጋግረን፣ ሰውየውን ከነሰንጠረዡ ማስረከብ ነው። "አይመለከተንም" ወይም "ችግር የለውም" የሚል መልስ ከማንኛችንም እንዳይወጣ።

*ከዓመቱ በኋላስ?* ራሳችንን ሙሉ በሙሉ እንችላለን አንልም፣ አንችልምና። የወር መዋጮውን ከ20 ወደ 30 ብር ለማሳደግ እድሮቹ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀርቡታል። ካለፈ በዓመት 540,000 ይሆናል። የተንከባካቢዎችና የነርሷ ክፍያ 600,000 ነው፤ እጆቹን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። ዳይፐርና ሳሙና ግን ደጋፊ ይፈልጋል።

*ገንዘቡን ማን ይፈርማል?* ሦስት ፈራሚ አለ፣ ከሦስት የተለያዩ እድሮች። ሁለቱ ካልፈረሙ ባንክ አይከፍልም። ሰብሳቢው ብቻውን አንድ ሳንቲም ማውጣት አይችልም።

*ግማሹን ብንሰጥስ?* ይህን በደንብ እንለማመደው። መልሱ "እሺ፣ የተገኘው ይበቃል" አይደለም። ግማሹ ማለት 632,500 ብር ነው። ነርሷንና ተንከባካቢዎቹን ይሸፍናል፣ ትንሽም ይተርፋል። ያኔ የሌሊቱ ዳይፐር ይቀርና ሁሉም ወደ ጨርቅ ይመለሳል። እጆቹን እናስቀድማለን፣ ዕቃው ይከተላል።

*መጥተን ማየት እንችላለን?* ትችላላችሁ። ግቡ ብለው የፈቀዱ ሦስት ቤቶች አሉ። ከሁለት ሰው በላይ አይገባም፣ ካሜራ አይያዝም፣ ጠዋት ከእጥበት በኋላ ይሁን። ጋሽዬ ራሳቸው ቢመጡ የሸማኔው ቤት ይሻላል።

ስንወጣ

ፎልደሩን ለቦርዱ ጸሐፊ እንሰጣለን፦ የምስክር ወረቀት ኮፒ፣ ዝርዝር በጀት፣ ያለፈው ዓመት ኦዲት፣ ባዶ የማገላበጫ ሰንጠረዥ። መልስ መቼ እንደምንጠብቅ እንጠይቅ፣ ቀን ይዘን እንውጣ። ቀኑ ካለፈ ሒሳብ ያዧ ትደውላለች። ሰብሳቢው አይደውልም፣ እሱ ከደወለ ጉዳዩ ወደ ልመና ይሄዳል።